ከከረጢት ሁለት ብይ ሲወጣ፦ የልጄ መልስ ለምን ግማሽ ሆነ?

የኪያ እናት · ማክሰኞ፣ ማታ 2፡40

ሰላም ለሁላችሁ። ልጄ 10ኛ ክፍል ናት። ዛሬ የቤት ሥራ ይዛ መጥታ ሁለታችንም እዚያው ተጣብቀን ቀረን። ጥያቄው ይኸውላችሁ፦

«በአንድ ከረጢት ውስጥ 5 ቀይና 3 ነጭ ብይ አለ። ሳይታይ አንድ ብይ ይወጣል። እሱ ሳይመለስ ሁለተኛ ብይ ይወጣል። አንዱ ቀይ ሌላው ነጭ የመሆን ዕድሉ ስንት ነው?»

ምርጫዎቹ፦ ሀ. 15/64 ለ. 15/56 ሐ. 15/32 መ. 15/28

እኔ ስሠራው ሀ መጣልኝ። ልጄ ለ አለች። ከኋላ ያለው የመልስ ገጽ ደግሞ መ ይላል። ክፍል ውስጥ መምህራቸው የዛፍ ንድፍ ሥሎላቸዋል፤ ደብተሯ ላይ ቅርንጫፎቹ አሉ፣ ቁጥሩ ግን ግማሹ የለም። ደወል ተደወለ ነው የምትለኝ። እኔ ትምህርት ከጨረስኩ 20 ዓመት አልፎኛል። እባካችሁ፣ መልሱን ብቻ ሳይሆን ከየት እንደመጣ ንገሩኝ። ነገ ጠዋት ማስረከብ አለባት።

---

ቶሎ መላሽ · ማታ 2፡46

እህቴ ልጅሽ ልክ ናት። መልሱ ለ ነው። የመጀመሪያው ቀይ የመሆን ዕድሉ 5/8። አንድ ብይ ስለወጣ የቀረው 7 ነው። ነጮቹ አልተነኩም፣ 3 ናቸው። ስለዚህ 3/7። ሁለቱን አባዢ፣ 15/56። አለቀ። የመልስ ገጾች ስንቴ ይሳሳታሉ! እኔም ተማሪ እያለሁ በመልስ ገጽ ስህተት አንድ ሌሊት ሙሉ ታምሜያለሁ።

---

የኪያ እናት · ማታ 2፡51

አመሰግናለሁ ወንድሜ። ልጄም ልክ እንደዚህ ነው የሠራችው። እኔ ሁለተኛውንም 3/8 ብዬ ነበር፣ ብይው እንዳልተመለሰ ረስቼ። ግን የመልስ ገጹ ተሳስቶ ነው ብዬ ልላካት?

---

ጠመኔ · ማታ 3፡10

አትላኪያት። የመልስ ገጹ ልክ ነው።

ሰሌዳ ፊት ከቆምኩ ብዙ ዓመት ሆኖኛል። ይህን ጥያቄ ያወጣው ሰው ተንኮለኛ ነው፤ በጥሩ ጎኑ ማለቴ ነው። አራቱም ምርጫዎች በዘፈቀደ የተቀመጡ አይደሉም። ብይው እንዳልተመለሰ የረሳ ሀ ላይ ይወድቃል፣ እንደ አንቺ። መውጣቱን አስታውሶ አንዱን መንገድ ብቻ ያየ ለ ላይ ይወድቃል፣ እንደ ልጅሽና እንደ ቶሎ መላሽ። ሁለቱንም መንገድ አይቶ ብይው እንዳልተመለሰ የረሳ ሐን ይመርጣል። ስለዚህ ልጅሽ ግማሽ መንገድ ደርሳለች። የእሷ 15/56 ስህተት አይደለም፣ ያልተጨረሰ ሥራ ነው።

ንድፉን እኔ የምሥለው እንዲህ ነው። ብዙ ልጆች ቅርንጫፍ እንደሠሩ ወዲያው ክፍልፋይ ለመጻፍ ይሮጣሉ። እኔ መጀመሪያ ክፍልፋይ አላጽፍም። በእያንዳንዱ መገንጠያ ላይ ትንሽ ሳጥን አሥላለሁ፣ ውስጧ «አሁን ከረጢቱ ውስጥ ምን ቀረ?» የሚለውን እጽፋለሁ። ስትጀምሪ 5 ቀይ 3 ነጭ። ቀይ ከወጣ 4 ቀይ 3 ነጭ። ነጭ ከወጣ 5 ቀይ 2 ነጭ። ሳጥኗ ከተጻፈች ክፍልፋዩ ራሱ ይመጣል። ከሳጥኗ ላይ ማንበብ ነው።

```
                      4/7 -- ቀ    ቀቀ : 5/8 x 4/7 = 20/56
       5/8 -- ቀ [4ቀ 3ነ]
                      3/7 -- ነ    ቀነ : 5/8 x 3/7 = 15/56
[5ቀ 3ነ]
                      5/7 -- ቀ    ነቀ : 3/8 x 5/7 = 15/56
       3/8 -- ነ [5ቀ 2ነ]
                      2/7 -- ነ    ነነ : 3/8 x 2/7 =  6/56
```

አሁን ጥያቄውን መልሰሽ አንብቢው። «መጀመሪያ ቀይ ቀጥሎ ነጭ» አይልም። «አንዱ ቀይ ሌላው ነጭ» ነው የሚለው። ከአራቱ ጫፎች ይህን የሚያሟሉት ሁለት ናቸው፣ መካከለኞቹ። 15/56 ሲደመር 15/56፣ 30/56፣ ሲቃለል 15/28።

በቅርንጫፉ ላይ ስትሄጂ ታባዣለሽ። ከጫፍ ወደ ጫፍ ስትዘዪ ትደምሪያለሽ። ቶሎ መላሽ ማባዛቱን በደንብ አደረገው፣ መደመሩን ተወው።

አንድ ነገር ለልጅሽ ንገሪልኝ። አራቱ ጫፎች ተደምረው 56/56 መሆን አለባቸው። 20 እና 15 እና 15 እና 6። ካልሞላ አንድ ቦታ ተሳስታለች ማለት ነው። ለዚህ ሲባል ክፍልፋዮቹን መሃል ላይ አታቃልላቸው። 6/56ን 3/28 ካደረገችው፣ 20/56ን 5/14 ካደረገችው፣ ታህቱ ይዘበራረቅና ይቺን ማረጋገጫ ታጣታለች። ማቃለል መጨረሻ ላይ፣ አንዴ።

---

ቶሎ መላሽ · ማታ 3፡22

መምህር፣ እሺ ሁለት መንገድ አለ። ግን አልተዋጠልኝም። በመጨረሻ እጄ ላይ ያለው አንድ ቀይና አንድ ነጭ ነው። ቀይ ቀድሞ ወጣ ነጭ ቀድሞ ወጣ ለእኔ ምን ይለውጣል? ያው አንድ ነገር ነው። አንድን ነገር ሁለት ጊዜ መቁጠር አይሆንም?

---

ጠመኔ · ማታ 3፡41

ጥሩ ጥያቄ ነው። ክፍል ውስጥም አንድ ልጅ ሁሌም ይጠይቀዋል፣ ካልጠየቀ እኔ ነኝ የምጠይቀው።

ብዮቹን ስም እንስጣቸው። ቀዮቹ ቀ1 እስከ ቀ5። ነጮቹ ነ1፣ ነ2፣ ነ3። በመጀመሪያ የሚወጣው ከ8 አንዱ ነው፣ በሁለተኛ የሚወጣው ከቀሩት 7 አንዱ። 8 በ7፣ 56 አወጣጥ አለ። የዛፉ ታህት 56 የሆነው ለዚህ ነው፣ ከሰማይ አልወረደም።

አሁን ቀቀ ያለውን ጫፍ እይ። 20 ተብሏል። ከየት መጣ? 5 በ4። እዚህ ውስጥ «ቀ1 ከዚያ ቀ2» እና «ቀ2 ከዚያ ቀ1» ለየብቻ ተቆጥረዋል። አየህ? ለቀይ ቀይ ቅደም ተከተሉን ሁለቴ ቆጥረንለታል፣ አንተ ሳታውቀው። ነጭ ነጭም እንደዚያው፣ 6ቱ ሦስት ጥንድ ሁለት ሁለቴ ተቆጥሮ ነው። ለቅልቅሉ ብቻ አንዱን መንገድ ከሰረዝክበት እሱን ብቻ በግማሽ በደልከው ማለት ነው።

ቅደም ተከተል አልፈልግም ካልክ መብትህ ነው። ግን ከሁሉም ላይ አንሳው። ቀይ ቀይ 10፣ ቅልቅል 15፣ ነጭ ነጭ 3። ድምሩ 28። ቅልቅሉ ከ28 ውስጥ 15። ያው 15/28 ላይ ትመለሳለህ። ያንተ 15/56 ላዕሉን ያለ ቅደም ተከተል፣ ታህቱን በቅደም ተከተል የቆጠረ ድብልቅ ነው።

---

ቶሎ መላሽ · ማታ 3፡48

እሺ ተሸነፍኩ። የዛሬ ስንት ዓመቱን የመልስ ገጽም ይቅርታ መጠየቅ ሳይኖርብኝ አይቀርም።

---

ሰባተኛ ፎቅ · ማታ 4፡05

ኧረ ለምን ትደክማላችሁ? በኮምቢኔሽን አንድ መሥመር ነው። ከ8 ሁለት መምረጫ 28 መንገድ። ከ5 አንድ፣ ከ3 አንድ፣ 15 መንገድ። 15/28። ዛፍ እየሣሉ ወረቀት መጨረስ ለምን? ፈተና ላይ ጊዜ የለም። እኔ ኢንጂነሪንግ ስማር አንድም ቀን ዛፍ ሥዬ አላውቅም።

---

ጠመኔ · ማታ 4：20

ለዚህ ጥያቄ ልክ ነህ፣ መንገድህ አጭር ነው። ግን ጥያቄውን ትንሽ ልጠምዝዘው። «መጀመሪያ ነጭ ከወጣ ጨዋታው ያበቃል፤ ቀይ ከወጣ አንዴ ደግመህ ታወጣለህ።» አሁን ዛፉ አንድ ጎኑ አጭር፣ አንድ ጎኑ ረጅም ነው። ሦስት ጫፍ ብቻ አለው፦ 3/8፣ 20/56 እና 15/56። ያንተ 28 ጥንድ እዚህ አይሠራም፣ ምክንያቱም አንዳንዱ ጨዋታ ጥንድ ላይ ሳይደርስ ያልቃል። ዛፍ ግን አይደናገርም፣ ቅርንጫፉን መቁረጥ ነው።

እና 10ኛ ክፍል ላለ ልጅ ኮምቢኔሽንን ቀድመህ ከሰጠኸው ቀመሩን ይዞ ይሄዳል፣ ብይው መውጣቱን አያይም።

---

ሰባተኛ ፎቅ · ማታ 4፡26

በተቆረጠው ጨዋታ እስማማለሁ። በማስተማሩ ግን አልስማማም። ልጆች ዛፉንም እንደ ቀመር ነው የሚሸመድዱት። የኪያን ደብተር ተመልከቱት፣ ቅርንጫፍ አለ ቁጥር የለም። ሥዕል ስለሆነ ብቻ ገብቷቸዋል ማለት አይደለም።

---

የኪያ እናት · ማታ 4፡31

በደብተሩስ እውነቱን ነው 😄

እኔ ግን አንድ ነገር ልጠይቅ፣ አትሳቁብኝ። ለምንድነው የሚባዛው? ኪያ «መምህር ቅርንጫፍ ላይ ይባዛል ብሏል» ትለኛለች። እሺ ብሏል። ግን ለምን አይደመርም?

---

ጠመኔ · ማታ 4፡52

የሚስቅ ካለ እኔ ጋ ይምጣ። ብዙ ተማሪ ዘሎት የሚያልፈው ጥያቄ ይህ ነው።

56 ሰዎች ተሰልፈው አስቢ። እያንዳንዳቸው የራሳቸው ከረጢት ይዘዋል፣ 5 ቀይ 3 ነጭ። ሁሉም እጃቸውን ከተቱ። ነገሩ እንደ ዕድሉ ቢሄድ ስንቱ ቀይ ያወጣሉ? ከ56ቱ 5/8፣ ማለትም 35። እነዚህን 35ቱን በቀኝ አቁሚያቸው። የቀሩት 21 ነጭ አውጥተዋል፣ በግራ ይቁሙ።

አሁን የቀኞቹ ደግመው ያውጡ። እያንዳንዳቸው ከረጢት ውስጥ 4 ቀይ 3 ነጭ አለ። ስለዚህ ከ35ቱ 3/7 ነጭ ያወጣሉ፣ 15 ሰው። ልብ በይ፣ ከ56ቱ 3/7 አይደለም፣ ከ35ቱ ነው። የክፍልፋይ ክፍልፋይ ወሰድሽ። ከእንጀራው ግማሽ ቆርሰሽ፣ ከዚያ ግማሽ ላይ ሲሶውን ለልጅሽ ብትሰጫት፣ ስድስተኛ ደረሳት። ግማሽ እና ሲሶ ስለደመርሽ አይደለም።

ደምረሽው ቢሆን 5/8 እና 3/7 ከአንድ በላይ ይሆናል። 59/56። ከ56 ሰው 59ኙ፣ ይሄ ምን ዓይነት ሰልፍ ነው? ልጅሽ መቼም ከአንድ የበለጠ ዕድል ካገኘች፣ ማባዛት ባለባት ቦታ ደምራ እንደሆነ ትጠርጥር።

ግራዎቹን አንቺ ጨርሺያቸው። ከ21ዱ 5/7 ስንት ነው?

---

የኪያ እናት · ማታ 4፡58

15! የቀሩት ደግሞ 6። ያው ዛፉ ላይ ያሉት ቁጥሮች ናቸው። አሁን ገባኝ። ኪያ ተኝታለች፣ ጠዋት በሰልፉ ነው የምነግራት።

---

ባለ እቁቡ · ረቡዕ፣ ጠዋት 1፡15

እንደምን አደራችሁ። እኔ ሒሳብ ላይ ብዙም አይደለሁም፣ ግን «ሳይመለስ» የሚለውን ሳይ የራሴ ጉዳይ መሰለኝ። አሥር ሆነን የሳምንት እቁብ እንጥላለን። ስማችን በወረቀት ተጽፎ ቆርቆሮ ውስጥ ይገባል። የወጣለት ስሙ አይመለስም። እኔ ሦስት እቁብ ጥያለሁ፣ አንዴም ቀድሞ ወጥቶልኝ አያውቅም። ጥያቄዬ፦ በሁለተኛው ሳምንት የሚወጣ ሰው ዕድሉ ከመጀመሪያው ሳምንት ይሻላል አይደል? የወረቀቱ ቁጥር ቀንሷላ። ባለቤቴ ደግሞ «የለም ያንሳል፣ አንደኛው ቀድሞ ወስዶታል» ትላለች። ማናችን ነን ልክ?

---

ቢኒ 12ኛ · ጠዋት 1፡30

ጋሼ፣ ይሄኛውን እኔ ልሞክር። ዛፍ እንሥራ። በመጀመሪያው ሳምንት የእርስዎ ስም የመውጣት ዕድሉ 1/10፣ ያለመውጣት 9/10። ከወጣ እቁቡን በሉ፣ ቅርንጫፉ ያልቃል። ካልወጣ ቆርቆሮው ውስጥ 9 ወረቀት አለ፣ አንዱ የእርስዎ። 1/9። ስለዚህ በሁለተኛው ሳምንት የመውጣት ዕድል፦

9/10 × 1/9 = 1/10

9ኙ ይጣፋል! ሦስተኛው ሳምንት 9/10 × 8/9 × 1/8፣ ያው 1/10። እስከ አሥረኛው ሁሉም 1/10 ነው። ስለዚህ ሁለታችሁም ተሳስታችኋል፣ ይቅርታ 🙏

---

ባለ እቁቡ · ጠዋት 1፡38

ልጄ፣ ጎበዝ ነህ። ግን እንዴት እኩል ይሆናል? ዘጠነኛው ሳምንት ላይ ሁለት ሰው ብቻ ነው የምንቀረው። ያኔ ዕድሌ ግማሽ ነው፣ ይሄ ለሕፃንም ይገባል። ግማሽና አንድ አሥረኛ አንድ ናቸው ልትለኝ ነው?

---

ጠመኔ · ጠዋት 1፡55

ቢኒ ሒሳቡን በትክክል ሠራ፣ ጋሼም ትክክል ናቸው። የተለያየ ቦታ ቆማችሁ ነው የምትነጋገሩት።

ቢኒ የቆመው ዛፉ ሥር ላይ ነው። እቁቡ ገና ሊጀመር ነው፣ ማንም አልበላም፣ «ዘጠነኛው ሳምንት የእኔ ይሆን?» ብለው ይጠይቃሉ። መልሱ 1/10። ጋሼ የቆሙት ግን ቅርንጫፉ ላይ ወጥተው ነው። ስምንት ሳምንት አልፏል፣ ስምንት ሰው ወስዷል፣ እሳቸው ቀርተዋል። ከዚያ መገንጠያ ላይ ሲያዩት 1/2። ሁለቱም እውነት ነው። ግን ያ 1/2 ያለበት ቅርንጫፍ ላይ ለመድረስ ስምንት ጊዜ መቅረት ያስፈልጋል፣ እዚያ የመድረሱ ዕድል 2/10 ነው። 2/10 በ1/2፣ ተመልሶ 1/10።

በቅርንጫፉ ላይ የሚጻፈው ቁጥር «እዚህ ከደረስኩ በኋላ» ነው። ጫፉ ላይ የሚጻፈው «ገና ሳልጀምር» ነው። ፈተና ላይ ተማሪ ከሚደናገርባቸው ነገሮች ግማሹ እዚህ ጋ ነው።

ደግሞ ይህ ለብዮቹም ይሠራል። ሁለተኛው ብይ ነጭ የመሆን ዕድሉ ስንት ነው? የመጀመሪያውን ሳናይ ማለቴ ነው። ከዛፉ ላይ በነጭ የሚያልቁትን ሁለቱን ጫፎች ደምሩ። 15/56 እና 6/56፣ 21/56። ሲቃለል?

---

ቶሎ መላሽ · ጠዋት 2፡03

3/8። ቆይ፣ ይሄ እኮ የመጀመሪያው ብይ ነጭ የመሆን ዕድል ነው! አንድ ብይ ጎድሎ እንዴት ያው ይሆናል? የሆነ የተደበቀ ነገር አለ። አላምንም።

---

ጠመኔ · ጠዋት 2፡12

ስምንት የለስላሳ ቆርኪ ሰብስብ፣ አምስቱን ቀይ ቀባ። አዋህደህ ሳታያቸው በአንድ ረድፍ ደርድራቸው። ሁለተኛ ቦታ ላይ ያለው ከመጀመሪያ ቦታ ካለው በምን ይለያል? ማንም ለቦታ አያዳላም። አንተ የመጀመሪያውን ገልጠህ ካየህ ብቻ ነው ነገሩ የሚቀየረው።

---

ቶሎ መላሽ · ጠዋት 2፡15

ቆርኪ እየፈለግኩ ነው።

---

ባለ እቁቡ · ጠዋት 2፡20

እሺ። ሒሳቡ ገባኝ፣ ባለቤቴም ተሳስታለች፣ ያ ለእኔ በቂ ነው። ግን የእኛ እቁብ ላይ ሌላ ነገር አለ። ወረቀቶቹን የሚያስገባው ሰው አጥፎ አጥፎ ይከታል፣ ከዚያ ቆርቆሮውን አንዴ ነቅነቅ ያደርግና ወዲያው ያወጣል። የእኔ ስም ሁሌ መጀመሪያ ነው የሚጻፈው፣ ሥር ይቀራል። ይሄም 1/10 ነው?

---

ሰባተኛ ፎቅ · ጠዋት 2፡44

ጋሼ፣ ከእስካሁኑ ጥያቄ ሁሉ ትልቁን ጠየቁ። አይደለም። ዛፉ ላይ 1/10 ብለን ስንጽፍ እያንዳንዱ ወረቀት እኩል ዕድል አለው ብለን ነው። ካልተዋሃደ ቁጥሩ ሁሉ ውሸት ነው፣ ማባዛቱ ምንም ትክክል ቢሆን።

አሜሪካ ላይ ይህ በአገር ደረጃ ደርሷል። በቬትናም ጦርነት ጊዜ፣ በታኅሣሥ 1969 እ.ኤ.አ.፣ ወጣቶችን ለውትድርና ለመጥራት የልደት ቀን ዕጣ አወጡ። 366 ቀን በ366 የፕላስቲክ እንክብል ውስጥ ገብቶ፣ አንድ በአንድ፣ ሳይመለስ። እንክብሎቹ የተከተቱት በወር በወር ነበር፣ በደንብም አልተዋሃዱም። በዓመቱ መጨረሻ ወራት የተወለዱ ልጆች ቀድመው የመጠራት አዝማሚያ ታየባቸው። የስታትስቲክስ ሰዎች ወዲያው ነቁበት። በቀጣዩ ዓመት አወጣጡን ለወጡት።

---

ባለ እቁቡ · ጠዋት 2፡50

እንግዲያው ወረቀቱን እኔ ነኝ የምነቀንቀው።

---

ቢኒ 12ኛ · ጠዋት 3፡05

አንድ ጥያቄ አለኝ፣ ለራሴ። ፈተና ላይ አንዳንዴ «ሁለት ብይ በአንድ ጊዜ ይወጣል» ይላል። ያኔ መጀመሪያና ሁለተኛ የለም። ዛፍ ይሠራል? ወይስ ታህቱ 8 በ8 ይሆናል?

---

ጠመኔ · ጠዋት 3፡18

ይሠራል። በአንዴ ዘግነህ እጅህን ሳትከፍት አንዱን በአውራ ጣትህ ግፋው፣ እሱን አንደኛ በለው። ዕድሉ አልተለወጠም። አንድ ብይ ሁለቴ ሊያዝ ስለማይችል ሁለተኛው ሁሌም ከ7 ነው። 8 በ8 የሚሆነው መልሰህ ከከተትክ ብቻ ነው።

ደግሞ «ቢያንስ አንድ ቀይ» ካሉህ ሦስት ጫፍ አትደምር። ነጭ ነጭን ከአንድ ቀንስ። 50/56።

---

ቢኒ 12ኛ · ጠዋት 3፡24

መመለስና አለመመለስ ልዩነቱ ግን ሁሌ ይሄን ያህል ትልቅ ነው? ከረጢቱ ውስጥ 500 ቀይና 300 ነጭ ቢኖርስ?

---

ሰባተኛ ፎቅ · ጠዋት 3፡31

ያኔ ይጠፋል። ሁለት ቀይ የመሆን ዕድል ሲመለስ 0.3906፣ ሳይመለስ 0.3903 ነው። በ8 ብይ ግን 0.391 እና 0.357፣ ይታያል። ከረጢቱ ሲያንስ አንድ ብይ ብዙ ነው።

---

የኪያ እናት · ረቡዕ፣ ማታ 1፡50

ተመለስኩ። ኪያ ሙሉ አገኘች። መምህሯ ሳጥኖቹን አይቶ «ይሄን ከየት አመጣሽው?» ብሏታል። ከጠመኔ አላለችም፣ «ከእናቴ» ነው ያለችው። እኔም አላረምኳትም።

ግን የምነግራችሁ ሌላ ነው። ዛሬ ማታ መብራት ጠፋ። የእጅ ባትሪያችን ሁለት ድንጋይ ይፈልጋል። መሳቢያው ውስጥ 7 ድንጋይ አለ፣ ከነሱ 2ቱ ያለቁ እንደሆኑ አውቃለሁ፣ የትኞቹ እንደሆኑ ግን አላውቅም። በጨለማ ሁለት አንስቼ ከተትኩ፣ አልበራም። «ብዙዎቹ ደህና ናቸው እኮ፣ ዕድሌ ነው» አልኩ። ኪያ በስልክ መብራት ወረቀት አምጥታ ዛፍ ሣለች። የመጀመሪያው ደህና 5/7፣ ሁለተኛው ደህና 4/6። 20/42። «እማ፣ ከግማሽ በታች ነው፣ ባይበራ ምን ይገርማል» አለችኝ። ከሰባት አምስቱ ደህና ሆኖ ከግማሽ በታች! እስካሁን እየገረመኝ ነው።

አንድ ነገር ብቻ አከራከረን። እሷ አውጥተሽ ሌሎች ሁለት ክተቺ አለች። እኔ አንዱን ብቻ ልቀይር አልኩ። የትኛው ይሻላል?

---

ቶሎ መላሽ · ማታ 1፡58

አንዱን ብቻ ቀይሪ። ከገቡት ሁለቱ አንዱ ደህና ሳይሆን አይቀርም፣ ለምን ታወጪዋለሽ?

---

ጠመኔ · ማታ 2፡09

ቶሎ መላሽ፣ መጀመሪያ ዛፉን። አልበራም ማለት የተቆረጠው ደህና ደህና ያለው ጫፍ ነው። የቀረው 22/42 ነው፦ 20ው አንድ ያለቀ፣ 2ቱ ሁለቱም ያለቁ። አሁን መሳቢያው ውስጥ 5 ድንጋይ አለ። በ20ው ጊዜ ከነሱ አንዱ ያለቀ ነው፣ በ2ቱ ጊዜ ሁሉም ደህና። ከዚህ በኋላ ለሁለቱም ዘዴ ቅርንጫፍ ሥራና አምጣልኝ።

---

ቶሎ መላሽ · ማታ 2፡37

ሌሎች ሁለት ስትከት፦ አንድ ያለቀ መሳቢያ ውስጥ ካለ 4/5 × 3/4 = 3/5። በ20/22 ሲባዛ 12/22። ሁለቱም ያለቁት ወጥተው ከሆነ የግድ ይበራል፣ 2/22። ድምሩ 14/22።

አንዱን ብቻ ስትቀይር፦ ያለቀውን ራሱን የማውጣት ዕድል 1/2፣ ከዚያ ደህና መክተት 4/5። በ20/22 ሲባዛ 8/22። ሁለቱም ያለቁ ከነበሩ አንዱን መቀየር ምንም አያደርግም። ስለዚህ 8/22።

ኪያ ልክ ናት። እኔ ደግሞ ዛሬም ቸኮልኩ።

---

ባለ እቁቡ · ማታ 2፡45

ቆርኪውስ?

---

ቶሎ መላሽ · ማታ 2፡49

ጋሼ፣ 40 ጊዜ አወጣሁ። ሁለተኛው ነጭ የሆነው 17 ጊዜ ነው። 15 መሆን ነበረበት አይደል? መምህር፣ ይሄ ቀረብ ያለ ነው ወይስ አሁንም መጠራጠር እችላለሁ?